00 ሲነበብ ሮቶው ባዶ ነው ወይስ ታችኛው ስዊች ብቻ ነው የነቃው? (ባለ 4 ኢንፑት ፕራዮሪቲ ኢንኮደር)

የፍኖተሰላም ቴክኒሽያን

ሰላም ለቤቱ። ለ5,000 ሊትር ሮቶ የውሃ ከፍታ ማሳያ እየሠራሁ ነው። አራት ተንሳፋፊ ስዊቾች ከታች ወደ ላይ ተደርድረዋል፤ D0 የታችኛው፣ D3 ከአፉ ሥር ያለው ነው። ውሃ ሲደርስባቸው ይገናኙና 5 ቮልት ይሰጣሉ፤ ውሃው ሲወርድ መስመሩን በ10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ወደ ግራውንድ ስቤዋለሁ። አራቱን ወደ ሁለት ቢት ለውጬ በአንድ ዲጂት ማሳያ ላይ ከ0 እስከ 3 ማንበብ ነው የምፈልገው። ፓምፑም ሮቶው ባዶ ሲሆን ተነስቶ 3 ሲል ይቆማል።

የተጠቀምኩባቸው እነዚህ ናቸው፦ `Y1 = D3 + D2` እና `Y0 = D3 + D1`። ሁለት ነገር አስቸግሮኛል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ከ1 ተነስቶ በቀጥታ 3 ላይ ይዘላል፤ 2 የሚባል ነገር አይታይም። ፓምፑም ያኔ ይቆማል፣ ሮቶው ገና ሳይሞላ። ሁለተኛ፣ ሮቶው ጭራሽ ባዶ ሲሆንም 0፣ ውሃው D0 ላይ ሲደርስም 0 ነው። ሬዚስተር ይሆን ወይስ ቀመሩ?

ጮቄ

ኢንኮደር ቁጥር ከዘለለ የA እና የB ሽቦዎችን ፈትሽ። የሞተሩን ዘንግ በእጅህ ቀስ አድርገህ አዙረውና ሁለቱን መስመሮች በኦሲሎስኮፕ እያቸው። መከለያ የሌለው ረጅም ሽቦ ከሆነም የፓምፑን ጫጫታ ይሰበስባል።

እታለም

ጮቄ፣ አንተ የምትለው የዘንግ ኢንኮደር ነው። እሱ የጠየቀው ብዙ ኢንፑት ወደ ጥቂት ቢት የሚቀይረውን ነው፤ እዚህ የሚዞር ነገር የለም።

ዲማ

ጥፋቱ ከቀመሩ ነው፤ ሁለቱም ችግር ከዚያው ይመነጫል፣ ግን መልሳቸው ለየቅል ነው።

የወሰድከው ቀመር በአንድ ጊዜ አንድ ኢንፑት ብቻ ይነቃል ብሎ የሚያምን ኢንኮደር ነው። ሮቶ ውስጥ ያ ሊሆን አይችልም። ውሃው D2 ላይ ሲደርስ D1 እና D0 ከውሃ በታች ናቸው፣ ሦስቱም አንድ ናቸው። D2 የ`Y1`ን ቢት ያነሳል፣ D1 ደግሞ የ`Y0`ን፤ ተደምረው 11 ይወጣል፣ ማሳያህም 3 ይላል። ሽማግሌው ሲናገር ልጁም አብሮ እየተናገረ ነው። ቅድሚያ መስጠት ማለት D2 ሲናገር D1ን ዝም ማሰኘት ነው። ሰንጠረዡ ይኸው፦

```
D3 D2 D1 D0 | Y1 Y0  V
 0  0  0  0 |  X  X  0
 0  0  0  1 |  0  0  1
 0  0  1  X |  0  1  1
 0  1  X  X |  1  0  1
 1  X  X  X |  1  1  1
```

በግራ ያለው X «0ም ይሁን 1 መልሱ ያው ነው» ማለት ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ረድፍ 2፣ አራተኛው 4፣ አምስተኛው 8 ረድፎችን ይዟል፤ ከላይ ካሉት ሁለቱ ጋር 16 ይሞላል። አንድም የቀረ ሁኔታ የለም፤ የራስህን ሰንጠረዥ ስትሠራም እንዲህ ቁጠረው። ከዚህ የሚወጣው፦

```
Y1 = D3 + D2
Y0 = D3 + D2'·D1
V  = D3 + D2 + D1 + D0
```

የተቀየረው `D2'` ብቻ ናት። D2 አንድ ሲሆን D1ን የምትዘጋው እሷ ናት። ሮቶውን በሐሳብህ ሙላው፦ D2፣ D1፣ D0 አንድ ሲሆኑ `Y1` = 1 ነው፤ `Y0` ደግሞ 0 + (0·1) = 0 ነው። 10 ወጣ፣ ማለትም 2።

አሁን ሁለተኛው። `Y1`ንና `Y0`ን ደግመህ እያቸው፤ D0 በሁለቱም ውስጥ የለም። ታችኛውን ስዊች ነቅለህ ብትጥለው እንኳ ሁለቱ ቢቶች አያውቁትም። 00 እዚህ ላይ ኅብረ ቃል ሆኗል፤ «D0 ነቅቷል» እና «ማንም አልነቃም» በአንድ ቃል ታዝለዋል። ለቅኔ ቤት ያምራል፣ ፓምፕ ለሚያስነሳ ግን አይሆንም። አራት ኢንፑት አራት መልስ አለው፤ «ማንም የለም» አምስተኛ መልስ ነው፤ ሁለት ቢት ደግሞ ከአራት በላይ አይዝም። ስለዚህ ሦስተኛ ገመድ ያስፈልጋል፣ እሱም V ነው። ፓምፑን የምታስነሳው V ዜሮ ሲሆን እንጂ 00 ሲነበብ አይደለም። ማሳያውንም V ዜሮ ሲሆን አጥፋው፤ ዲኮደርህ የማጥፊያ ፒን ካለው V ወደዚያ ይሂድ።

ባለ ብየዳው

ዲማ ያለው ጥሩ ነው፣ ግን ሁለት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ረድፍ X X የተባለው አውትፑቱ ምን እንደሚሆን አይታወቅም ማለት ነው፤ አንዴ 1 አንዴ 0 እያለ ሊዋልል ይችላል። ስለዚህ ፑልዳውን ሬዚስተር አውትፑቱ ላይ አድርግ። ሌላው፣ V እኮ ሳያስፈልግ ይቀራል። D0ን ተወውና D1፣ D2፣ D3ን ብቻ ተጠቀም፤ ያኔ 00 ማለት ባዶ ብቻ ይሆናል።

ዲማ

ሁለተኛው ሐሳብህ ትክክል ነው። 74LS147 የሚባለው ቺፕ የሚሠራውም እንዲሁ ነው፤ ከ1 እስከ 9 ዘጠኝ ኢንፑት አለው፣ የዜሮ ፒን የለውም፣ ማንም ካልነቃ ዜሮ ነው። ዋጋው ግን አንድ ደረጃ ማጣት ነው። እሱ አራት ስዊች ገዝቶ ገጥሟል፤ አንዱን ከሚጥል አንድ ገመድ ቢጨምር ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ግን አይደለም። በቀኝ ያለው X የንድፍ ሠሪው ቃል ነው፤ «እዚህ ቦታ የሚወጣው ቢት አያሳስበኝም፣ V ዜሮ ስለሆነ የሚያነበው የለም» ማለቱ ነው። ጌቶቹ ከተገጠሙ በኋላ X የሚባል ቮልቴጅ የለም። አራቱንም ዜሮ ከላይ ባሉት ቀመሮች ውስጥ ክተታቸው፤ 00 ይወጣል፣ ሁልጊዜም 00 ነው። ካርኖ ማፕ ላይ ያንን X አንድ አድርገህ ብትወስደው እንኳ ቀመሩ አያጥርልህም፤ ጎረቤቱ 0001 ዜሮ ስለሆነ ሰፋ ያለ ክበብ አይሰጥህም። አውትፑት ላይ የሚጨመር ሬዚስተር ምንም አይሠራም፣ ቦታ ይይዛል።

እታለም

ለመሥራት ሁለት ቺፕ ይበቃል፤ አንድ የኦር ጌት 7432 እና አንድ የኖር ጌት 7402። ብዙ ሰው ለ`D2'·D1` ብሎ ኢንቨርተር ቺፕና ኤንድ ቺፕ ለየብቻ ይገዛል፣ ከእያንዳንዳቸው አንዲት ጌት ብቻ ተጠቅሞ ሌላውን ሜዳ ላይ ይተወዋል። ሁለት ኖር ጌት ያንኑ ይሠራሉ፤ አንዷ D1ን ትገለብጣለች፣ ሌላዋ የተገለበጠውን ከD2 ጋር ተቀብላ `D2'·D1` ትሰጣለች። V ደግሞ `Y1`ን ይበደራል፤ `D3 + D2` ቀድሞ ስለተሠራ `V = Y1 + (D1 + D0)` ነው። እንዲህ ሲሆን የ7432 አራት ጌቶች ልክ ያልቃሉ።

```
7432:  1=D3   2=D2            -> 3  = Y1
       4=D3   5=7402 ፒን 4     -> 6  = Y0
       9=D1  10=D0            -> 8
      12=ፒን 3  13=ፒን 8        -> 11 = V

7402:  2=D1   3=ግራውንድ        -> 1  = D1'
       5=D2   6=ፒን 1          -> 4  = D2'·D1
```

ሁለቱም ቺፕ ላይ 14 ወደ 5 ቮልት፣ 7 ወደ ግራውንድ። ከ7402 የተረፉትን ኢንፑቶች፣ 8፣ 9፣ 11 እና 12ን፣ ወደ ግራውንድ እሰራቸው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። 7402 እንደ ወንድሞቹ አይደለም። 7432 ላይ ፒን 3 አውትፑት ነው፤ 7402 ላይ ግን አውትፑቱ ፒን 1 ነው፣ 2 እና 3 ኢንፑት ናቸው። በልማድ 1 እና 2 ላይ ኢንፑት ካስገባህ ስዊቹና የጌቱ አውትፑት ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ቺፑ ከሞቀብህ ቶሎ ንቀልና መጀመሪያ ይህንን እይ።

የፍኖተሰላም ቴክኒሽያን

ተባረኩ። ሠራሁት፣ 2 መጣች! ከ1 ወደ 2፣ ከ2 ወደ 3 በሥርዓቱ ይሄዳል ብል ግን ሙሉው እውነት አይደለም። ስዊቾቹን በእጅ አንድ በአንድ ሽቅብ ሳነሳቸውና ሬዚስተሩ ጋ ሽቦ ሳስነካ ነው እንዲህ የሚሆነው። ብቻውን ስተወው ማሳያው 3 ላይ ይቀራል፣ የV ኤልኢዲም አይጠፋም። አራቱም ስዊች ክፍት ሆነው V እንዴት አንድ ይሆናል? ቺፖቹ 74LS32 እና 74LS02 ናቸው፣ ሬዚስተሮቹ እንዳልኩት 10 ኪሎ ኦም።

እታለም

አየህ ወንድሜ፣ LS ማለትህ ነገሩን ፈታው። ስዊቹ ክፍት ሆኖ የ7432ን ፒን 1 በመልቲሜትር ለካው። ከ0.8 ቮልት በላይ ካነበብክ ምርመራው አለቀ፤ እኔ ከ1 ቮልት በላይ ታያለህ ባይ ነኝ።

የLS ኢንፑት ወደ ዜሮ ሲሳብ ከውስጡ ትንሽ ከረንት ወደ ውጭ ይገፋል፣ እስከ 0.4 ሚሊ አምፒር። ዜሮ ተብሎ እንዲነበብ ያ ከረንት በሬዚስተርህ ወደ ግራውንድ ሲፈስ ከ0.8 ቮልት በላይ መፍጠር የለበትም። 10 ኪሎ ኦም ለዚያ እጅግ ትልቅ ነው፤ ዜሮ ያልከው መስመር ለቺፑ አንድ ነው። ስለዚህ «ማንም አልነቃም» የሚለው ረድፍ በወረቀት ላይ እንጂ በሰርኪዩትህ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። መጀመሪያ የሠራኸው ላይ 0 ታይ ከነበረ ወይ ሌላ ቺፕ ነበር ወይ ሬዚስተሩ ሌላ ነበር።

እያንዳንዱ መስመር ከአንድ በላይ ጌት እንደሚመግብም አትርሳ። D2 ወደ ሁለት ፒን ይሄዳል፣ 0.8 ሚሊ አምፒር ሊሆን ነው፤ 1 ኪሎ ኦም ብታደርግለት ልክ ድንበሩ ላይ ትቆማለህ። 470 ኦም አድርገው፤ 0.38 ቮልት ገደማ ይሆናል፣ ስዊቹ ሲገናኝ የሚያልፈውም 11 ሚሊ አምፒር አይሞላም። ወይም ሁለቱን ቺፕ በ74HC32 እና 74HC02 ቀይርና 10 ኪሎ ኦሙን እንዳለ ተወው፤ የHC ኢንፑት ከረንት ከቁጥር አይገባም። እኔ ብሆን HC ነው የምመርጠው።

የፍኖተሰላም ቴክኒሽያን

ልክ ነሽ፣ ፒን 1 ላይ 1.3 ቮልት አለ። መጀመሪያ የሠራሁት በHC ነበር፣ ቺፑ ተቃጥሎብኝ ነው በLS የተካሁት። አንድ ዓይነት መስለውኝ! 470 ኦም እጄ ላይ አለ፣ ነገ እቀይራለሁ።

የፖሊ ተማሪ

ጋሼ ዲማ፣ የእኔም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፣ ግን በቬሪሎግ ነው። አራቱም ኢንፑት ዜሮ ሲሆኑ `y` ወደ 00 አይመለስም፤ ከዚያ በፊት የነበረውን ይዞ ይቀራል። 10 ከነበረ 10 ነው።

```verilog
always @* begin
  casez (d)
    4'b1???: y = 2'b11;
    4'b01??: y = 2'b10;
    4'b001?: y = 2'b01;
    4'b0001: y = 2'b00;
  endcase
end
```

ዲማ

ያው የመጀመሪያው ረድፍ ነው፣ ልብስ ቀይሮ መጣ። 0000 ሲሆን `y` ምን ይሁን ብለህ አልነገርከውም። ካልነገርከው «ያለህን ያዝ» እንዳልከው ይቆጥረዋል፤ ለመያዝ ደግሞ ማስታወሻ ያስፈልገዋልና ላች ይሠራልሃል። ሲንተሲስ ስታደርግ የላች ማስጠንቀቂያ ወጥቶልህ ይሆናል፤ ሰው ግን ቢጫውን ጽሑፍ አያነብም። ከ`casez` በፊት ሁለት መስመር ጨምር፦

```verilog
y = 2'b00;
v = |d;
```

`v`ን `output reg` ብለህ ማወጅ አትርሳ። የረድፎቹን ቅደም ተከተልም አትነካካ፤ `?` ባለበት የሚወሰደው ቀድሞ የገጠመው ነው።

ጣና ዳር

ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? 74LS148 አንድ ቺፕ ነው፣ ስምንት ኢንፑት አለው፣ ቅድሚያውን ራሱ ይሰጣል። ነገ ሮቶው ላይ ስዊች ቢጨምርም ቦታ አለው። ኢንፑቶቹ በዜሮ ስለሚነቁ ስዊቾቹን ወደ ግራውንድ አድርጎ በ10 ኪሎ ኦም ወደ 5 ቮልት መሳብ ነው፤ የLSም ችግር አብሮ ይጠፋል።

ዲማ

ይሆናል፤ የLSን ነገር ያልከውም ልክ ነው። ነገር ግን ያው ጥያቄ እዚያም ይጠብቀዋል። አውትፑቶቹም ስለተገለበጡ 111 ማለት ዜሮ ነው፤ 111 ደግሞ በሦስት መንገድ ይወጣል፦

```
                 A2 A1 A0   GS  EO
ኢንፑት 0 ብቻ ሲነቃ     1  1  1    0   1
ማንም ሳይነቃ          1  1  1    1   0
EI = 1 (ተዘግቶ)      1  1  1    1   1
```

የእኛ V እዚያ GS ነው፣ ፒን 14፣ ተገልብጦ። «ማንም የለም»ን «ቺፑ ተዘግቷል» ከሚለው የሚለየው EO ነው፣ ፒን 15። ብዙ ሰው GSን ሳይገጥም ይተዋል፤ EIን፣ ፒን 5ን፣ ወደ ግራውንድ ማሰርም ይረሳና ቺፑ ሞቷል ብሎ ይጥላል።

የፍኖተሰላም ቴክኒሽያን

470 ኦም ገባ። ባዶ ሲሆን V ይጠፋል፣ ማሳያውም ይጨልማል። D0 ሲነካ 0 ብሎ ይበራል። 1፣ 2፣ 3 በተራቸው። ፓምፑን ከV እና ከ11 ጋር ላገናኘው ነው።

ባለ ብየዳው

ቆይ፣ ከማገናኘትህ በፊት። ከሮቶው የሚወርደው የD3 ሽቦ ቢበጠስስ? ፑልዳውኑ ዜሮ ያደርገዋል፤ ለኢንኮደሩ ውሃው D2 ላይ ነው ያለው። 11 አይመጣም፣ ፓምፑም አይቆምም። ለአራቱ ስዊች 5 ቮልት የሚያደርሰው የጋራ ሽቦ ቢበጠስ ደግሞ ይብሳል፤ V ዜሮ ይሆንና ሮቶው ሞልቶ ሳለ ፓምፑ ይነሳል። «ማንም አልነቃም» ማለት ባዶ ነው ያለው ማነው?

እታለም

ባለ ብየዳው ዛሬ የሚያስፈልገውን ጠየቀ። D3ን ብቻ ሲሞላ የሚለያይ ስዊች አድርገው፤ ብዙዎቹ ተንሳፋፊ ስዊቾች ኳሱን ገልብጠህ ስትገጥመው እንዲያ ይሆናሉ። ያኔ ሳይሞላ 1፣ ሲሞላ 0 ይሰጣል፤ ሽቦው ቢበጠስም 0። በተረፈው ኖር ገልብጠው፦ ከስዊቹ የመጣውን መስመር ወደ 7402 ፒን 8 አስገባ፣ 9 ግራውንድ ላይ ይቆይ፣ ከፒን 10 D3 ይወጣል፤ እሱን ወደ 7432 ፒን 1 እና 4 ውሰደው። የD3ም ሆነ የጋራው ሽቦ ቢበጠስ «ሞልቷል» ይላል፣ ፓምፑ ይቆማል።

የመጨረሻዋን ኖርም አትተዋት። ያንኑ የስዊች መስመር በ11፣ D2ን በ12 አስገባ፤ ፒን 13 አንድ የሚሆነው «ላይኛው ሞልቷል እያለ D2 ደረቅ ነው» ሲባል ብቻ ነው። ሮቶ ውስጥ ይህ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ ቀይ መብራት አብራበት። D2 አሁን ሦስት ፒን ይመግባል፣ 470 ኦሙ ለእሱም ይበቃዋል።

ዲማ

ይህ የፕራዮሪቲ ኢንኮደርን ጉድለት በትክክል ይነካል። `1 X X X` የሚለው ረድፍ ከታች ያሉት ምን እንደሚሉ አልሰማም ማለት ነው። D1 ቢበጠስ ውሃው D2ን እስካለፈ ድረስ ማንም አያውቅም። የእታለም መብራትም የD3ን ብጥስ የሚይዘው ውሃው ከD2 በታች ሲሆን ብቻ ነው፣ የD2ን ደግሞ ሮቶው ሲሞላ ብቻ።

ጣና ዳር

ግን እኮ ሽቦ በተበጠሰ ቁጥር ፓምፑ ከቆመ ሰው ውሃ አጥቶ ያድራል። ማሳያውም 3 እያለ ቧንቧው ደረቅ! ለእኔ ትንሽ ቢፈስ ይሻላል።

እታለም

የሚፈሰው ከጉድጓድ ተስቦ የወጣ ውሃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ ፓምፕም አለ። እኔ አልስማማም። ቀይ መብራቱ በርቶ 3 ካነበበ ውሸት መሆኑን ያውቃል።

ጣና ዳር

ቀዩን መብራት የሚያይ ሰው ካለ። ቁልፉ ጥበቃው ጋ ሆኖ ሰሌዳው ቢሮ ውስጥ ከሆነስ?

የፍኖተሰላም ቴክኒሽያን

ሰሌዳው ጥበቃው ቤት በር ላይ ነው የሚሰቀለው። D3ን እገለብጠዋለሁ። የD1 እና የD0ን ብጥስ የሚይዝ ሌላ ጌት መጨመር ያዋጣል ወይስ አራቱን መስመር በቀጥታ አራት ኤልኢዲ ላይ ላውጣቸው?